ስለ ጤፍ ወጪ ሰፈር ውስጥ የሚባለውና እውነታው

«ኩንታል የሀብታም ነው፤ እኛ ደመወዝ ሲወጣ 40 ኪሎ እንገዛለን።»

ደብረ ማርቆስ ላይ ጤፍ ረከስ የሚለው አዲሱ ከአውድማ ሲገባ፣ ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ የካቲት ነው። ክረምት ሲገባ ዋጋው ይወጣል። እኛ ቤት አምስት ነን፤ በወር 40 ኪሎ እንጨርሳለን። ጥር መጨረሻ 3 ኩንታል ስናስገባ ሰባት ወር ተኩል ይዘልቀናል፤ ውዱን ክረምት ተሻግረን መስከረም ላይ እንደርሳለን ማለት ነው። ገንዘቡስ? ባለቤቴ የዕቁቡን ዳኛ አስፈቅዳ ዕጣችንን ጥር ላይ አደረገችው። በወለድ ተበድሮ መግዛት ግን ትርፉን ስለሚበላው አልመክርም።

ከመክፈልዎ በፊት አንድ ኪሎ አስመዝነው በጤፍ ወንፊት ይንፉት። 950 ግራም ንጹሕ ከወጣ፣ ከኩንታሉ 5 ኪሎው አፈርና ገለባ ነው። ኪሎውን በ100 ብር ገዛሁ ያሉት፣ እውነቱ ከ105 ብር በላይ ነው። እኔ አንድ ዓመት ርካሽ አገኘሁ ብዬ ሳልነፋ ገዝቼ፣ እናቴ ቤት ስትነፋው ከአንዱ ኩንታል ብቻ አንድ ቁና አፈር አወጣችልኝ።

«ብዙ እህል ቤት ከተቀመጠ ነቀዝ ይፈጀዋል።»

ለበቆሎና ለሽንብራ እውነት ነው፤ ፍሬው ላይ ክብ ቀዳዳ ካዩ ነቀዝ ገብቷል። የጤፍ ፍሬ ግን ለነቀዝ መፈልፈያ ስለማይበቃ ብዙም አይነካውም። የጤፍ ጠላት እርጥበት ነው። እጅዎን እስከ ክርንዎ ጆንያው ውስጥ ይክተቱ፤ ሙቀት ከተሰማዎት ወይም የሻገተ ከሸተተዎት አይግዙት። ቤት ሲያስገቡም ጆንያውን መሬት ላይ አያስቀምጡት፤ ከሥሩ እንጨት ይርበርቡበት፣ ከግድግዳውም ያርቁት። ወፍጮ ቤት የሚወስዱት የወሩን ብቻ ይሁን፤ ዱቄት እንደ እህሉ አይቆይም።

«ዳጉሳ የገባበት እንጀራ የችግር ጊዜ ነው።»

ዳጉሳ በካልሲየም ከጤፍ ይበልጣል፣ ዋጋውም አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ ይላል። ሦስት እጅ ጤፍ፣ አንድ እጅ ዳጉሳ ይሞክሩ። መልኩ ይጠቁራል፤ ጣዕሙን እንግዳ እንኳ አያማርርም።

«ድርቆሽ ከተረፈው ሁሉ ይወጣል፤ የሻገተውም ፀሐይ ሲመታው ይድናል።»

አይድንም። ሻጋታው በፀሐይ ቢደርቅም መርዙ አይጠፋም፤ ያ እንጀራ ለከብትም አይሰጥ። ድርቆሽ የሚሆነው ገና ደህና ያለው ነው። እኛ ቤት የሚጋገረው ማክሰኞና ቅዳሜ ነው። አዲሱ ሊጋገር ሲል ከመሶቡ የተረፈውን ቆራርሰን ንጹሕ ጨርቅ ላይ እናሰጣለን። በጣት ሲሰበር ቀጭ ካለ ደርቋል፤ ከተጣጠፈ ሌላ ቀን ይጨመርለት። ረቡዕና ዓርብ በሽንኩርትና በበርበሬ ቁሌት ፍርፍር ይሆናል፤ የዚያን ቀን ቁርስ አዲስ እንጀራ አይነካም።