«ይህን አንድ ነገር አውቃለሁ»፦ የትዳር አጋር የሆነውን አልሆነም ሲል

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣

በዓይናችሁ ያያችሁትን፣ በጆሯችሁ የሰማችሁትን አብሯችሁ የሚኖር ሰው «በፍጹም አልሆነም» ሲላችሁ ምን ታደርጋላችሁ? አንዴ ሁለቴ ከሆነ ያልፋል። እየተደጋገመ ሲሄድ ግን ሰው ከአጋሩ ጋር መከራከሩን ትቶ የራሱን አእምሮ መጠርጠር ይጀምራል። «እያበድኩ ይሆን እንዴ?» ይላል። ዛሬ ብዙዎች ጋዝላይቲንግ የሚሉት ይህንን ነው።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰው የደረሰበት ከዚህ ጋር በጣም ይመሳሰላል። ዓይኑ በራ። ጎረቤቶቹ ግን ግማሹ «እርሱ ነው»፣ ግማሹ «አይደለም፣ ይመስለዋል እንጂ» አሉ። ፈሪሳውያን ደጋግመው ጠየቁት። ወላጆቹም ፈርተው «ጠይቁት፣ ሙሉ ሰው ነው» ብለው ዞር አሉ። በመጨረሻ ስለ ፈወሰው ሰው ፈሪሳውያን የሚሉትን እንዲቀበል ሲያስጨንቁት እንዲህ መለሰ፦ «ኃጢአተኛ መሆኑን አላውቅም፤ ዕውር እንደ ነበርሁ አሁንም እንዳይ ይህን አንድ ነገር አውቃለሁ።»

ይህን መልስ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። የማያውቀውን አላውቅም አለ። የሚያውቀውን ደግሞ አልለቀቀም። በእሱ ላይ የሆነውንና ሌሎች ከዚያ ተነሥተው የሚሰጡትን ፍርድ ለያያቸው። የራሳችንን ትውስታ ስንመረምርም መጀመሪያ መለየት ያለብን እነዚህን ሁለቱን ነው።

አንድ ባልና ሚስት እናስብ። ማክሰኞ ማታ ከእራት በኋላ ባል እንዲህ አለ፦ «ከቁጠባው ላይ አውጥቼ ለወንድሜ ላበድረው ነው፣ በወሩ መጨረሻ እመልሰዋለሁ።» ሚስት «የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ ሳይደርስ ከሆነ እሺ» አለች። ወሩ አለቀ። ስትጠይቀው «የምን ብር? እኔ እንዲህ ብዬ አላውቅም። አንቺ አጥፍተሽው ይሆናል፣ ሰሞኑን ሁሉን ነገር እየረሳሽ ነው» አላት።

በዚህ ጊዜ በልቧ የሚመጣው «ውሸታም ነው፣ ሊያጠፋኝ ነው» የሚል ነው። እሱ ግን ፍርድ ነው፤ ገና አታውቀውም። የምታውቀው ማክሰኞ ማታ የተባለውን ነው። ስለዚህ ፍርዱን ለጊዜው ትተወውና የተባለውን በተባለበት ቃል ትጽፈዋለች፦ ቀኑ፣ ቦታው፣ እሱ ያለው፣ እሷ የመለሰችው፣ ማን እንደነበረ። እርግጠኛ ያልሆነችበት ካለ «ይህን በደንብ አላስታውስም» ብላ ትጽፋለች። ይህች ዓረፍተ ነገር ማስታወሻውን የሚያዳክመው ለሚመስላችሁ፣ እንዲያውም የሚታመን የሚያደርገው እሷ ናት።

ጽሑፉ በዚያው ቀን ቢሆን ይሻላል። የሰው ትውስታ ባስታወስነው ቁጥር እንደገና የሚሠራ እንጂ እንደ ፎቶ የሚቀመጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1986 ቻሌንጀር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በፈነዳች ማግስት፣ አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ተማሪዎችን ዜናውን የትና ከማን እንደሰሙ አስጻፏቸው። ከሁለት ዓመት በላይ ቆይተው ሲጠይቋቸው ብዙዎቹ የተለየ ታሪክ ተናገሩ፤ ያውም በሙሉ እርግጠኝነት። የገዛ እጃቸው ጽሑፍ ሲታያቸው እንኳ አዲሱን ታሪክ ያልለቀቁ ነበሩ። ስለዚህ «እርግጠኛ ነኝ» ማለት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ለእሷም ለእሱም።

ቀጥሎ ከሁለቱም ውጭ ያለ ነገር ይፈለጋል። ሕጉ ነገር በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ይጽና የሚለው በከንቱ አይደለም። እዚህ ምስክሩ የባንክ መልእክት ነው። ሚስት ስልኳን ስትከፍት ገንዘቡ ከዚያ ማክሰኞ በኋላ ባለው ቀን ወጪ ሆኗል፤ ያወጣውም እሱ ነው። ልብ በሉ፣ መልእክቱ ብሩ መውጣቱን ያሳያል እንጂ እሱ ያለውን ቃል አያሳይም። ለምታስታውሰው ነገር ግማሽ ድጋፍ ነው። እሷም ከዚያ በላይ እንዲመሰክርላት መጠበቅ የለባትም።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። መካድ ሁሉ ጋዝላይቲንግ አይደለም። ሣራ በድንኳኑ ውስጥ ሳቀች፣ ከዚያ «አልሳቅሁም» ብላ ካደች። መጽሐፉ ምክንያቱን ይነግረናል፦ «ስለ ፈራች»። ጌታም «አይደለም፥ ሳቅሽ እንጂ» አላት፤ ነገሩም እዚያው አበቃ። ሰው ይፈራል፣ ያፍራል፣ ከልቡም ይረሳል። ልዩነቱ የሚታየው ማስረጃው ከቀረበ በኋላ ነው። የረሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መልእክቱን ሲያይ «ውይ፣ እውነትሽን ነው፣ ጭራሽ ከአእምሮዬ ወጥቶ ነበር» ይላል። የፈራም ቢሆን ጥቂት ቆይቶ ያምናል።

በሌላኛው ቤት ግን መልሱ መልኩን ይቀያይራል። መጀመሪያ «አላወጣሁም»። መልእክቱ ሲታይ «እሺ፣ አወጣሁ፣ ግን አውጣ ያልሽኝ አንቺ ነሽ»። ጥቂት ቆይቶ «ደግሞ ስልክ እየበረበርሽ ትሰልይኛለሽ? አእምሮሽ ጤነኛ አይደለም»። ስለ ብሩ የተጀመረው ንግግር ስለ እሷ ጤንነት ሆኖ አለቀ፤ ይቅርታ የጠየቀችውም እሷ ሆነች። ፈሪሳውያንም መልስ ሲያጡ ያን ሰው «አንተ ሁለንተናህ በኃጢአት ተወለድህ» ብለው ነበር ያባረሩት። ማስረጃውን መመለስ ሲያቅት ምስክሩን ማዋረድ የቆየ መንገድ ነው።

በአንድ ክስተት ብቻ ግን አትፍረዱ። ለጥቂት ሳምንታት ጽፋችሁ ማስታወሻውን ስታነቡ ሁለት ነገር ጠይቁ። የሚረሳው ሁልጊዜ እሱን የሚያስጠይቀው ነገር ብቻ ነው ወይስ እሱን የሚጠቅመውንም ይረሳል? እውነተኛ መርሳት አብዛኛውን ጊዜ ጥቅም አይመርጥም። እናንተስ ከውጭ ማስረጃ ጋር ስትተያዩ ስንት ጊዜ ተሳስታችሁ ተገኛችሁ? አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳታችሁት እናንተ ከሆናችሁ በትሕትና ተቀበሉት፤ እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀትና አንዳንድ መድኃኒትም ትውስታን ስለሚጎዱ ሐኪም አማክሩ። ይህ ሁሉ ለወንዱም ይሠራል፤ ሚስቱ የምትክደው፣ ለሰው ለመናገር የሚያፍር ባል አለና።

ማስታወሻው ክርክር ማሸነፊያ አይደለም። በተጣላችሁ ቁጥር አውጥታችሁ አታንብቡበት። ዓላማው አእምሯችሁ መሬት እንዲረግጥ ነው። አጋራችሁ የሚሰማ ሰው ከሆነ፣ ሰላም ባለበት ሰዓት አንዷን ነገር ብቻ አንሡ፦ «ማክሰኞ የሰማሁት ይህ ነው፣ አንተ እንዴት ታስታውሰዋለህ?» ከእንግዲህ የገንዘብ ነገር በመልእክት እንዲጻፍ ጠይቁም። «ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን» የተባለ ሰው በጽሑፍ መናገር አይከብደውም።

ዛቻ፣ ድብደባ ወይም መውጣት መግባትን መከልከል ካለ ግን ይህን አታድርጉ። ማስታወሻውን አታሳዩ፤ እሱ በሚከፍተው ስልክ ወይም በቤት ውስጥ አታስቀምጡት፤ የምታምኑት ሰው ዘንድ ይሁን። ምክር የምትሰጡ አባቶችና መጋቢዎችም፣ እባካችሁ እንዲህ ያለ ነገር ሲነገራችሁ ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጣችሁ አትጀምሩ። አጠገቡ የተቀመጠውን የሚፈራ ሰው እውነቱን አይናገርም፤ ከተናገረም ቤት ሲገባ ይከፍልበታል። መጀመሪያ ለየብቻ ስሟቸው፣ «እንዲህ አደረገ» ከሚለው በፊትም «ያየሽው ምንድን ነው? የሰማሽውስ?» ብላችሁ ጠይቁ።