የእንቁላል መለቀቅ ምልክቱ ምንድን ነው? ሙቀቱ ወይስ ፈሳሹ?

ሰሞኑን ደግሞ ሰማሁት። «የሰውነትሽ ሙቀት ከፍ ያለበት ቀን እንቁላል የሚወጣበት ቀን ነው። ማርገዝ ከፈለግሽ ያን ቀን ጠብቂ» ይላል አስረጂው። ጅማ ውስጥ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ይህን ምክር ይዘው ወራት ያባከኑ ሴቶች ስለማይ ዝም ማለት አቃተኝ። ምክሩ የመጨረሻውን ምልክት የመጀመሪያ አድርጎታል።

የጅማ ሰው ዝናብ ያውቃል። መጀመሪያ ደመናው ይከብዳል። ከዚያ ይዘንባል። መሬቱ የሚርሰው ከዘነበ በኋላ ነው። የማህፀን በር ፈሳሽ ደመናው ነው፣ ሙቀቱ ደግሞ የራሰው መሬት። መሬቱ ረጥቦ አይተሽ የተሰጣ ቡና ለማንሳት ብትሮጪ ቡናው ቀድሞ ርሷል።

በእንቁልጢ ውስጥ እንቁላሏን የያዘችው ከረጢት እያደገች ስትሄድ ኢስትሮጅን የተባለ ሆርሞን ታመርታለች። ፈሳሹን የሚለውጠው እሱ ነው። ደረቅ ወይም የሚጣበቅ የነበረው እየረጠበና እየጠራ ይመጣል። በመጨረሻ እንደ ጥሬ እንቁላል ነጩ ያንሸራትታል፣ በሁለት ጣት መሃል ሲሳብም ቶሎ አይበጠስም። የወንዱ ዘር በዚህ ፈሳሽ ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል። ኢስትሮጅኑ በጣም ሲጨምር ከአንጎል ሥር ያለችው እጢ ኤልኤች የተባለውን ሆርሞን በብዛት መልቀቅ ትጀምራለች። ከዚያ 36 ሰዓት ገደማ ቆይቶ ከረጢቷ ትቀደድና እንቁላሏ ትወጣለች።

ሙቀቱ እስካሁን አልተነሳም። ባዶ የቀረችው ከረጢት አሁን ፕሮጄስትሮን ማምረት ትጀምራለች። የጠዋቱን ሙቀት ከ0.2 እስከ 0.5 ዲግሪ የሚያነሳው ይህ ሆርሞን ነው። ያንኑ የጠራ ፈሳሽም ያወፍረውና ለወንዱ ዘር መንገዱን ይዘጋበታል። እንቁላሏ ደግሞ የምትቆየው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ ሙቀቱ ሲነሳ ጊዜው ብዙውን ጊዜ አልፏል።

አንዲት እናት ለሰባት ወር የመዘገበችውን ደብተር አመጣችልኝ። የወር አበባዋ በየ32 ቀኑ ነው የሚመጣው። በመጨረሻው ወር እስከ 19ኛው ቀን ሙቀቷ 36.4 አካባቢ ነበር። በ20ኛው ቀን 36.70 ገባ። በ21ኛው 36.75፣ በ22ኛው 36.70 ሆነ። እሷና ባለቤቷ በየወሩ የሚሞክሩት ሙቀቱ ሲነሳ ነበር። ፈሳሹን ስጠይቃት ግን ከ15ኛው ቀን ጀምሮ እርጥበት ታስታውሳለች። የሚሳበውን ለመጨረሻ ጊዜ ያየችው በ18ኛው ቀን ነው። እንቁላሏ የወጣችው በ18ኛው ወይም በ19ኛው ቀን ሳይሆን አይቀርም። መሞከር የነበረባቸው እርጥበቱ ከታየ ጀምሮ ነው። «ሁሌም በ14ኛው ቀን ነው» የሚሉትን ሰምታ ቢሆን ደግሞ አራት አምስት ቀን ትቀድም ነበር።

እንግዲህ ሙቀት መለካት ለምን ይጠቅማል? ደመና ከብዶም ሳይዘንብ ሊበተን ይችላል። በተለይ የወር አበባዋ የተዛባባት፣ የምታጠባ ወይም የሦስት ወሩን መርፌ በቅርብ ያቆመች ሴት እርጥበቱን አይታ እንቁላሉ ላይለቀቅ ይችላል። ሙቀቱ መዝነቡን ያረጋግጣል። ከቀደሙት ስድስት ቀናት ሁሉ የበለጠ ሙቀት ሦስት ቀን በተከታታይ ከታየ፣ ሦስተኛው ቀን ቢያንስ በ0.2 ዲግሪ ከበለጠ፣ እንቁላሉ ወጥቷል ማለት ይቻላል። የአንድ ቀን ጭማሪ ምንም አይነግርሽም።

አለካኩም ወሳኝ ነው። ከአልጋ ሳትነሺ፣ ውኃ እንኳ ሳትጠጪ፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ሁለት አኃዝ ከነጥብ በኋላ በሚያሳይ ቴርሞሜትር ለኪ። ለሱሁር ወይም ሕፃን ለማጥባት ሌሊት የተነሳሽበትን ቀን ደብተሩ ላይ ምልክት አድርጊበት። ወባ ወይም ጉንፋን ይዞሽ ከነበረ የዚያን ቀን ቁጥር አትቁጠሪው። ሙቀቱ ከፍ እንዳለ ከ18 ቀን በላይ ከቆየ የእርግዝና ምርመራ አድርጊ።

ፈሳሽም ሁሉ አንድ አይደለም። ከግንኙነት በኋላ የሚቀረው ዘር የሚሳበውን ፈሳሽ ይመስላል። ስለዚህ በማግስቱ ያየሽውን እንደ ምልክት አትቁጠሪው። መጥፎ ሽታ ያለው፣ የሚያሳክክ ወይም እንደ አይብ የተቆራረጠ ከሆነ ደግሞ ከእንቁላል ጋር አይገናኝም። መቁጠሩን አቁመሽ መጀመሪያ ታከሚ።