አንድ ሰው፣ ሦስት ስም

ባለፈው አራት ኪሎ ካፌ ተቀምጠን ጓደኛዬ የምርምር ጽሑፎች ማውጫ በሆነው ስኮፐስ ላይ ስሟን ፈለገች። ሦስት ሰው ሆና ቁጭ ብላለች።

የአባቷ ስም ወልደማርያም፣ የአያቷ ከበደ ነው። የመጀመሪያ ጽሑፏ ላይ `Woldemariam, S.` ተባለች። ሁለተኛው ላይ የአባቷን ስም ለሁለት ከፍላ ስለጻፈች `Mariam, S.W.` ሆነች። ሦስተኛው ላይ እንደ ፓስፖርቷ አያቷን ጨመረች፤ `Kebede, S.W.` ወጣ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ሲስተሙ ግን ብዙ ጊዜ የመጨረሻዋን ቃል የቤተሰብ ስም አድርጎ ይወስዳል።

ጉዳቱ ቀላል አይደለም። እያንዳንዱ ጽሑፍ 4 ጊዜ ተጠቅሷል። ተበታትነው ሲቆጠሩ የእያንዳንዱ ፕሮፋይል ኤች-ኢንዴክስ፣ ማለትም ቢያንስ የዚያኑ ያህል ጊዜ የተጠቀሱ ጽሑፎች ብዛት፣ 1 ነው። ሲዋሃዱ 3 ይሆናል። ልፋቷ ያው ነው እኮ!

የኔ ምክር፦ የራስዎን ስምና የአባትዎን ስም ብቻ ይያዙ። ድርብ ስም ከሆነ ገጥመው በአንድ ቃል ይጻፉት፣ ፊደሉንም አይቀያይሩ። `W/Mariam` ዓይነት አጻጻፍ ይቅር። ለተመራማሪዎች የግል መለያ ቁጥር በሚሰጠው ORCID ላይ ተመዝግበው ባለ 16 አሃዙን መለያ ጽሑፍ በላኩ ቁጥር ያስገቡ። የድሮዎቹን አጻጻፎች እዚያው `Also known as` የሚለው ሥር ይጨምሯቸው።

የተበታተነውን ለመሰብሰብ ስኮፐስን ፕሮፋይሎቹን እንዲያዋህድ መጠየቅ ይቻላል። ጉግል ስኮላር ላይ ግን የጎደሉትን ጽሑፎች ራስዎ ፈልገው ፕሮፋይልዎ ውስጥ ያስገባሉ። ታትሞ የወጣው ጽሑፍ ላይ ያለው ስም በዚህ አይቀየርም።