ለወላጅና ለተማሪ አንድ ማስታወቂያ? ስቴሽነሪዎች በትምህርት መክፈቻ ሰሞን የሚሳሳቱባቸው ነገሮች

«ደብተር ያው ደብተር ነው። አንድ ማስታወቂያ ጽፌ ለሁሉም እለጥፈዋለሁ።»

ዕቃው አንድ ቢሆንም የገዢዎቹ ጥያቄ ለየቅል ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ስቴሽነሪ ቆም ብላችሁ አዳምጡ። እናት «ለአምስተኛ ክፍል ስንት ደብተር ይበቃል? ሁሉም ተደምሮ ስንት ይመጣል?» ትላለች። ልጇ ግን ሽፋኖቹን እያገላበጠ ነው፤ እስክሪብቶውን ቁራጭ ወረቀት ላይ ይሞክራል። እሷ ድምሩን ትፈልጋለች፤ እሱ በእጁ የሚይዘውን ዕቃ ያያል።

ወላጅ ጮክ ብሎ የማይናገረው ሌላ ስጋትም አለ፤ ተሳስቶ መግዛት። ብዙ ትምህርት ቤት ትክክለኛው የደብተር ዓይነትና ብዛት የሚታወቀው ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ነው። ባለ መስመሩን ደርዘን ገዝታ ስታበቃ የሒሳብ መምህሩ «ባለ ካሬ ነው የምፈልገው» ቢሉስ? ስለዚህ ለወላጅ የሚጻፈው ማስታወቂያ ይህን ስጋት ማንሳት አለበት። እኔ ብጽፈው እንዲህ ነው፦

«የአምስተኛ ክፍል ሙሉ ጥቅል፦ 12 ባለ 50 ሉክ ደብተር ከነመሸፈኛው፣ 6 እስክሪብቶ፣ 4 እርሳስ፣ ላጲስ፣ መቅረጫና ማስመሪያ። ጠቅላላ 1,290 ብር። የትምህርት ቤቱን ዝርዝር በቴሌግራም ፎቶ አንስተው ይላኩልን፤ አዘጋጅተን እንጠብቅዎታለን። መምህሩ ሌላ ዓይነት ካዘዙ ያልተጻፈበትን ደብተር እስከ መስከረም 30 እንቀይራለን።»

«ጥራት ያለው»፣ «ምርጥ»፣ «ተመጣጣኝ ዋጋ» የሚሉት ቃላት እዚህ ውስጥ የሉም። ወላጅ እነሱን በየሱቁ በር አንብቧቸዋል፤ ምንም አይነግሩትም። የመቀየሪያው ቀን ግን ይነግረዋል። ቃሉን ከሰጣችሁ ደግሞ አክብሩት። መስከረም 25 ቀን ደብተር ይዛ የመጣችን እናት «ደረሰኝ የለሽም» ብሎ የመለሰ ሱቅ በሚቀጥለው ዓመትም አያያትም።

አንድ ነገር ልጨምር። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ደብተርና ዩኒፎርም ሲያቀርብ ቆይቷል። ሱቃችሁ በመንግሥት ትምህርት ቤት አጠገብ ከሆነ የደብተር ጥቅል ማስታወቂያ ለብዙዎቹ ወላጆች አይሆንም። እዚያ ቦርሳ፣ መሸፈኛ፣ እስክሪብቶና የጂኦሜትሪ ዕቃ ይቅደም።

«ወላጅ የሚመጣው ትልቅ ቅናሽ ሲያይ ብቻ ነው። 20 ፐርሰንት ብለን እንጻፍ።»

መጀመሪያ ሒሳቡን ሥሩት። ለምሳሌ ያህል ደብተሩን በ70 ብር ገዝታችሁ በ80 ትሸጣላችሁ እንበል። የ12 ደብተር ሽያጭ 960 ብር፣ መግዣው 840 ብር ነው። 20 ፐርሰንት ሲቀነስ ሽያጩ 768 ብር ይሆናል። በአንድ ደርዘን 72 ብር ኪሳራ ማለት ነው፤ ኪራይና ትራንስፖርት ሳይገባ።

አንዳንዱ ይህን ሲያይ ዋጋውን አስቀድሞ ወደ 100 ብር ከፍ አድርጎ ከዚያ «ቀነስኩ» ይላል። ይህ ደንበኛን ማታለል ነው፤ አሳሳች ማስታወቂያ ደግሞ በሕግም የተከለከለ ነው። ከዚያም በላይ እናቶች ዋጋ ይጠያየቃሉ። ባለፈው ሳምንት 80 የነበረውን ያየች አንዷ ለሌሎቹ ትነግራቸዋለች።

ከላይ የጻፍኩትን ጥቅል በዚያው ምሳሌ እንየው። ደብተር 960፣ ስድስት እስክሪብቶ በ25 ብር 150፣ አራት እርሳስ በ15 ብር 60፣ ላጲስ 20፣ መቅረጫ 20፣ ማስመሪያ 30፣ አሥራ ሁለት መሸፈኛ በ10 ብር 120። ድምሩ 1,360 ብር ነው። ጥቅሉን በ1,290 ስትሸጡ ወላጅ 70 ብር ይተርፈዋል። እናንተ ደግሞ ቅናሹን ደብተሩ ላይ ሳይሆን በነጠላ ሻል ያለ ትርፍ ባላቸው ትንንሽ ዕቃዎች ላይ ታካክሱታላችሁ። ማስታወቂያው ላይ «በነጠላ 1,360፣ በጥቅል 1,290» ብላችሁ ሁለቱንም ቁጥር ጻፉ። ፐርሰንት ማስላቱን ለወላጅ አትተዉለት።

«ተማሪ ገንዘብ የለውም። ለእሱ መጻፍ ትርፉ ድካም ነው።»

ለአንደኛና ለሁለተኛ ክፍል ልጅ እውነት ነው፤ እዚያ ለወላጅ ብቻ ጻፉ። ከሰባተኛ፣ ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ደርዘን ደብተር በራሱ ገንዘብ አይገዛም። እስክሪብቶ፣ ሃይላይተር፣ ኮምፓስና የማስታወሻ ደብተር ግን ከኪሱ ይገዛል፤ ያውም ዓመቱን ሙሉ። የወላጅ ግዢ በአብዛኛው የአንድ ሰሞን ነው፤ ተማሪው ግን እስክሪብቶው ባለቀ ቁጥር ተመልሶ ይመጣል።

እዚህ ብዙ ሱቅ የሚሳሳተው በአነጋገር ነው። «ውድ ተማሪዎች ሆይ፣ የነገ አገር ተረካቢዎች» ብሎ ይጀምራል። ይህን ተማሪው በሰልፍ ላይ ሲሰማው የኖረ ነው፤ ሳያነበው ያልፈዋል። የካርቱን ሥዕልም የአሥረኛ ክፍል ልጅ «የሕፃን ዕቃ ነው» ብሎ እንዲሸሽ ያደርገዋል። ወላጅን «እርስዎ» በሉ፤ ተማሪዎችን «እናንተ» ብላችሁ በቀጥታ ወደ ዕቃው ግቡ፦

«ይሄ እስክሪብቶ ወረቀቱን አልፎ ጀርባው ላይ ይታያል? ቪዲዮውን እዩ። 25 ብር። ሱቅ መጥታችሁ በራሳችሁ ደብተር ሞክሩት፤ ካልተመቻችሁ አትግዙ።»

ቪዲዮውን በስልክ ቅረጹት። አንድ ገጽ ጻፉ፣ ገልብጡ፣ ጀርባውን አሳዩ። በስሱ ወረቀትና በወፍራሙ ላይ ሁለቱንም ሞክሩ። ቀለሙ በስሱ ላይ ካለፈ እሱንም አትደብቁ። ተማሪው ነገ በገዛ ደብተሩ ላይ ያየዋል፤ ለክፍሉ ልጆችም ይናገራል።

«ልጁ ወላጁን እንዲጎተጉትልን እናድርግ።»

ይህን አታድርጉ። «እናትህን ካልገዛሽልኝ በላት» የሚል መልእክት የትምህርት ቤት ክፍያ ከፍላ ለዓመት በዓል የምትሯሯጥን እናት ከልጇ ጋር ያጣላል። ሱቁንም ትጠላዋለች፤ ልክም ናት።

«ጳጉሜን ላይ ከለጠፍነው ይበቃል።»

ለወላጅ ያኔ ረፍዷል። ጳጉሜን የራሷ ደመወዝ የላትም። ደመወዝተኛ ወላጅ የነሐሴውን ይዞ ምዝገባን፣ የበዓሉን ዶሮና ቅቤ፣ ደብተሩንም ከዚያው ያብቃቃል። ስለዚህ የጥቅሉ ዋጋ ደመወዝ ከመውጣቱ ቀደም ብሎ፣ ነሐሴ 15 አካባቢ፣ እጁ ይግባ፤ ከወጪዎቹ ጋር ይደምረዋል። የመቀየሪያውን ማስታወሻ ደግሞ ትምህርት በተጀመረ ሳምንት ድገሙት።

ለተማሪው በተቃራኒው ነው። ነሐሴ ላይ ስለ እስክሪብቶ አያስብም። ክፍል ገብቶ፣ መምህራኑን አውቆ፣ ጓደኛው የያዘውን ሲያይ ነው የሚፈልገው። ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ፣ ከትምህርት ቤት በሚወጣበት ሰዓት ለጥፉለት።

የትኛው ጽሑፍ እንደሠራ ለማወቅ ሱቁ ውስጥ አንድ ደብተር አስቀምጡና ገጹን ለሁለት ክፈሉት። የመጣውን ሁሉ «የት አይተውን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የወላጁን ማስታወቂያ ያየውን በአንዱ፣ የተማሪውን ያየውን በሌላው ወገን ምልክት አድርጉ፤ የገዛውንም ብር ከጎኑ ጻፉ። በወላጁ ወገን ብዙ ሰው ዋጋ ጠይቆ ሳይገዛ ከሄደ ችግሩ ያለው ጽሑፉ ላይ ሳይሆን ጥቅሉ ላይ ነው፤ ዕቃ ቀንሳችሁ ሁለተኛ፣ አነስ ያለ ጥቅል አዘጋጁ።