ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች የወረሱት ቤት ሲሸጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አባት ይሞታል። በጋብቻ ዘመን የተገዛ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አንድ ቤት ይተዋል። ሚስቱና ሦስት ልጆቹ በሕይወት አሉ፤ ልጆቹ የ20፣ የ15 እና የ9 ዓመት ናቸው። ኑዛዜ የለም። ገዢ መጥቶ ለቤቱ 6 ሚሊዮን ብር አቅርቧል እንበል። ከዚህ በታች ያሉት አባባሎች እንዲህ ያለ ቤተሰብ በተሰበሰበበት ሁሉ የሚሰሙ ናቸው። መልሶቹ የተመሠረቱት በ1992 ዓ.ም. በወጣው የፌዴራል የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ እና በፍትሐ ብሔር ሕጉ ላይ ነው። አማራ፣ ትግራይና ኦሮሚያን የመሳሰሉ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው ቤቱ ያለው እዚያ ከሆነ የክልሉን ሕግ መመልከት ያስፈልጋል።

«ባሌ ሲሞት ቤቱ የእኔ ሆኗል፤ ልጆቹ የሚወርሱት እኔ ስሞት ነው»

ኑዛዜ በሌለበት በእኛ ሕግ ሚስት ባሏን አትወርስም፣ ባልም ሚስቱን አይወርስም። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። ሚስት የምትወስደው በጋብቻው የተፈራውን የጋራ ንብረት ግማሽ ነው፤ ይህ ግማሽ ደግሞ ድሮም የእሷ ስለነበረ ውርስ አይባልም። የሟች ግማሽ በቀጥታ ወደ ልጆቹ ያልፋል፣ እነሱም እኩል ይካፈሉታል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ከ6 ሚሊዮኑ 3 ሚሊዮን የእናት ነው። ቀሪው 3 ሚሊዮን ለሦስት ሲከፈል ለእያንዳንዱ ልጅ 1 ሚሊዮን ይደርሰዋል፤ ሟች ዕዳ ካለበት ግን ከክፍፍሉ በፊት ከእሱ ድርሻ ላይ ይከፈላል። የሃያ ዓመቱ ልጅ ድርሻውን ራሱ ፈርሞ ይሸጣል፤ ከእሱ በኩል ፊርማው ይበቃል። የፍርድ ቤት ፈቃድ የሚፈለገው 18 ዓመት ላልሞላቸው ለሁለቱ ልጆች ድርሻ፣ ማለትም ለ2 ሚሊዮኑ ነው። ቤቱ አንድ ስለሆነ ግን ያለዚያ ፈቃድ ሙሉውን ቤት መሸጥ አይቻልም።

«እናታቸው ነኝ፤ ለገዛ ልጆቼ ምን ፈቃድ ያስፈልገኛል?»

ይህ አባባል ግማሹ እውነት ነው፣ አደገኛ ያደረገውም ይኸው ነው። ከወላጆች አንዱ ሲሞት በሕይወት ያለው ወላጅ የልጆቹ አሳዳሪም ሞግዚትም ሆኖ ይቀጥላል። አሳዳሪ የልጁን አኗኗር፣ ጤናና ትምህርት ይከታተላል፤ ሞግዚት ደግሞ ንብረቱን ያስተዳድራል፣ በገንዘብ ጉዳይም ይወክለዋል። ስለዚህ እናት ኪራይ መሰብሰብ፣ የሚያፈስ ጣሪያ ማሠራት፣ ከኪራዩ ገቢ ላይ ልጆቹን ማስተማርና ማብላት ትችላለች። ለዚህ ማንም ፍርድ ቤት አያስሄዳትም።

ቤት መሸጥ ግን ከማስተዳደር ያለፈ ሥራ ነው። የቤት ሽያጭ የልጁን ሀብት መልክ ለሁልጊዜ ስለሚለውጥ ሞግዚት፣ ወላጅም ቢሆን፣ በራሱ ሥልጣን ብቻ ሊያደርገው አይችልም። ቀድሞ በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት እንዲህ ያለውን ውሳኔ ይመለከት የነበረው የቤተዘመድ ጉባኤ ነበር፤ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ቁጥጥር ለፍርድ ቤት ሰጥቶታል። አጎቶችና አክስቶች ተሰብስበው፣ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ቃለ ጉባኤ ተጽፎ ሁሉም ቢፈርሙበት እንኳ የልጆቹን ድርሻ ለመሸጥ አይበቃም። ውጭ አገር ያለው ታላቅ ወንድም በኤምባሲ በኩል የላከው ውክልናም የሚያገለግለው ለራሱ ድርሻ ብቻ ነው፤ ሰው የሌለውን ሥልጣን በውክልና ማስተላለፍ አይችልም።

«ፍርድ ቤት ከተገባ ልጁ 18 እስኪሞላው ቤቱ ይታሰራል»

በዚህ ፍርሃት ምክንያት ሰዎች በጎን በኩል ወደ ሽያጭ ይሄዳሉ። እውነቱ ግን ችሎቱ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ መሆኑ ነው፦ ይህ ሽያጭ ለልጁ ምን ይጠቅመዋል? አሳማኝ መልስ ላለው ሰው ፈቃዱ ይሰጣል።

በተግባር መንገዱ ይህን ይመስላል። በመጀመሪያ የሞት ምስክር ወረቀትና የልጆቹ የልደት ምስክር ወረቀት ይዘጋጃል፤ በእነዚህም የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ይወጣል። የእናት ሞግዚትነት በፍርድ ቤት ማስረጃ ይረጋገጣል። ከዚያ በኋላ የሽያጭ ፈቃድ ጥያቄው ከነማስረጃው ይቀርባል፦ የቤቱ ካርታ፣ የግምት ሰነድ፣ ገዢው ያቀረበው ዋጋ፣ የሽያጩ ምክንያትና ለምክንያቱ የሚሆን ማስረጃ።

የማመልከቻዎች ዕጣ ፈንታ የሚወሰነው በዚህ የመጨረሻው ላይ ነው። «ለልጆቹ አስተዳደግ» ብሎ የተጻፈ ምክንያት ለዳኛው ምንም አይነግረውም። «ትንሹ ልጅ ልብ ላይ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል፤ የሆስፒታሉ የዋጋ ማስረጃ እነሆ» የሚል ግን ይነግረዋል። «ቤቱ አርጅቷል፣ ለማደስ የሚያስፈልገው ገንዘብ ይህን ያህል ነው፣ በሽያጩ ገንዘብ ግን በሁሉም ስም አነስ ያለ ቤት እንገዛለን፤ የሚገዛው ቤት ሰነድ ይኸው» የሚልም እንዲሁ። ልጆቹ ከሽያጩ በኋላ የት እንደሚኖሩ ሳይጽፉ የሚቀርቡ ብዙ ናቸው፤ ችሎቱ ግን ቀድሞ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ዋጋው ከገበያው በታች መስሎ ከታየው በባለሙያ እንዲገመት ሊያዝ ይችላል። የአሥራ አምስት ዓመቷን ልጅ ጠርቶ ሐሳቧን መስማትም ይችላል። እሷ መስማማቷ ግን ሞግዚቷን ከኃላፊነት አያወጣም።

«ገዢው እንዳያመልጥ ቀብዱን እንቀበል፣ ፈቃዱን በኋላ እናወጣለን»

በእኔ ግምት ከሁሉም በላይ ቤተሰብን የሚያከስረው ይህ ነው። እናት 500 ሺህ ብር ቀብድ ተቀበለች እንበል፤ ግማሹም ወጪ ሆኗል። ከሁለት ወር በኋላ ችሎቱ ቤቱ በትንሹ 7 ሚሊዮን ያወጣል የሚል ግምት ይደርሰውና በ6 ሚሊዮን እንዲሸጥ አልፈቅድም ይላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ ተቀብሎ ውሉን የሚተው ወገን የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ እንዲመልስ ያዛል። እናት አሁን የ1 ሚሊዮን ብር ጥያቄ ተደቅኖባታል፤ ክርክሩ በምንም ቢያልቅ ጠበቃና ጊዜ መብላቱ አይቀርም።

ገዢውም ቢሆን አይተርፍም። የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት መደረግ አለበት። በአዲስ አበባ ይህን የሚሠራው የሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት የወራሾቹን ማስረጃ ሲያይ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች መኖራቸውን ያውቃል፣ የፍርድ ቤቱንም ፈቃድ ይጠይቃል። «መንደር ውል» ተፈራርሞ ገንዘቡን የከፈለና ቤቱ ውስጥ የገባ ሰው ከዓመታት በኋላ ያደገው ልጅ ውሉ ይፍረስልኝ ብሎ ሲከስሰው ያለፈቃድ የተፈጸመ ሽያጭ ይዞ ይቀርባል። የልጁ ዕድሜ በገዛ እጁ ባለው የወራሽነት ማስረጃ ላይ ስለሚነበብ «አላወቅኩም» ማለት ከባድ ነው።

ገዢውን በእውነት ማቆየት ካስፈለገ ጠበቃ ይማከሩና ግዴታው የሚጀምረው ፍርድ ቤቱ ሲፈቅድ ብቻ መሆኑን፣ ካልፈቀደ ማንም ለማንም ምንም እንደማይከፍል በግልጽ ያስጽፉ። ጨዋ ገዢ ይህን አይቃወምም። የሚቃወም ገዢ ካለ ለምን እንደቸኮለ መጠየቅ ተገቢ ነው።

«የልጆቹን ድርሻ እኔው ብገዛው ከባዕድ አይሻልም?»

ሊሻል ይችላል። ችግሩ በአንድ ውል ላይ ሻጭም ገዢም እናት መሆኗ ነው፤ እንደ ገዢ ዋጋው እንዲወርድ፣ እንደ ሞግዚት ደግሞ እንዲወጣ ትፈልጋለች። የሞግዚቱና የልጁ ጥቅም ሲጋጭ ለዚያ ጉዳይ ብቻ ልጁን የሚወክል ሌላ ሞግዚት በፍርድ ቤት ይሾማል። ድርሻውን የሚገዛው ታላቅ ወንድሙ ሆኖ ሞግዚቱም እሱ ራሱ ከሆነ መልሱ ያው ነው። ይህን ደብቆ በሌላ ሰው ስም መግዛት ደግሞ ለክስ በር መክፈት ነው።

«ፈቃዱ ከወጣ በኋላ ገንዘቡን የሚጠይቀኝ የለም»

ትእዛዙን እስከ መጨረሻው ማንበብ ይህን ያስተካክላል። በፈቃዱ ግርጌ ብዙ ጊዜ የምትገኘው ዐረፍተ ነገር ይህን ትመስላለች፦ «የልጆቹ ድርሻ ብር በስማቸው በሚከፈት የባንክ ሂሳብ ገቢ ሆኖ ያለፍርድ ቤት ትእዛዝ ወጪ እንዳይሆን፤ ሞግዚቷም ገቢ የተደረገበትን ማስረጃ እንድታቀርብ ታዟል።» የትእዛዙ ማኅተም ያለበት ግልባጭ ለባንኩ ይሰጣል፣ ባንኩም ሂሳቡን በዚያው ልክ ያግዳል። ዋናው ጥበቃ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ትእዛዙ ይህን ዘሎት ከሆነ የልጁ ወገን የሆነ ሰው እንዲካተት መጠየቅ አለበት። ገዢው ራሱ የልጆቹን 2 ሚሊዮን በቀጥታ ወደ ታገደው ሂሳብ ቢያስገባ ደግሞ ገንዘቡ በማንም እጅ ሳያልፍ ይቀራል።

ከዚያ በኋላ ለትምህርት ወይም ለሕክምና ወጪ ሲያስፈልግ ሞግዚቷ በዚያው መዝገብ የተወሰነ መጠን እንዲለቀቅ ትጠይቃለች፤ ደረሰኝ ትይዛለች። ልጆቹን ያሳደገችበትን ድካም እያሰላች ከዋናው ገንዘብ ላይ መቀነስ አትችልም። ለቤት ዕቃ፣ ለራሷ ንግድ፣ ለዘመድ ብድር መስጠትም አትችልም። ሞግዚትነቱ ሲያበቃ ሒሳብ ማስረከብ ግዴታ ነው፤ ያን ጊዜ የሚቀበላት በአሥራ ስምንት ዓመቱ ወረቀት ማንበብ የሚችል የገዛ ልጇ ነው።

የታገደ ሂሳብ ግን ጉድለት አለው፣ ስለዚህም ዝም ማለት አይገባም። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ የባንኮች ዝቅተኛ የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ሲሆን የዋጋ ንረቱ በ2014 ዓ.ም. ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ለዘጠኝ ዓመት የተቀመጠ ገንዘብ ከስርቆት ተርፎ በንረት ሊያልቅ ይችላል። ሕጉ የሚጠብቀው ሞግዚት ገንዘቡን ቆልፎ የሚረሳውን አይደለም። ከፍ ያለ ወለድ ለሚያስገኝ የጊዜ ገደብ ያለው ቁጠባ ማመልከት ይቻላል። የልጆቹን ድርሻ በስማቸው ወደሚመዘገብ አነስተኛ ቤት ወይም የንግድ ሱቅ ለመለወጥ መጠየቅም ይቻላል፤ ኪራዩ ትምህርት ቤት ይከፍላል፣ ንብረቱም ከዋጋው ጋር ያድጋል። ይህን ጥያቄ ከሽያጩ ፈቃድ ጋር በአንድ ማመልከቻ ማቅረብ ይሻላል፤ ገንዘቡ ባንክ ከገባ በኋላ የሚጀመር ሁለተኛ መዝገብ ብዙውን ጊዜ ማንም የማይጀምረው መዝገብ ይሆናል።