ላርጎና የጨጨብሳ ሳህን፦ ልማዱና እውነታው

ጅማ ላይ ጨጨብሳ ከተበላ በኋላ ሳህን የሚያጥብ ሰው ያውቀዋል። ጠዋት ይቀዘቅዛል፣ ቅቤው ሳህኑ ላይ ይረጋል፣ ያኔ ወደ ላርጎው ነው የሚኬደው። (እኛ ቤት ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ሁሉ ላርጎ ነው።)

«አረፋው የበዛ ቅባት ያነሳል»

ቅባቱን የሚያነሳው አረፋው ሳይሆን ሳሙናው ውስጥ ያለው አጣቢ ነገር ነው። አንዱ ጫፉ ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ቅባት፤ ቅባቱን ከብቦ ከውሃው ጋር ይወስደዋል። አረፋ የሚጠቅመው ለምልክት ነው። ሳፋው ውስጥ አረፋው ከጠፋ አጣቢው በቅባት ተይዞ አልቋል ማለት ነው። ቅቤ ደግሞ የሰውነት ሙቀት አካባቢ ነው የሚቀልጠው፤ በቀዝቃዛ ውሃ የትኛውም ሳሙና ያደክማል።

«ወፍራሙ ጠንካራ ነው»

የብዙዎቹ ውፍረት ከገበታ ጨው የመጣ ነው። ትንሽ ጨው ቀጭኑን ፈሳሽ ያወፍረዋል። ሂርማታ ገበያ በሃይላንድ የሚሞላልንን አዘቅዝቆ ማየት ብዙም አይነግርም።

«ርካሹ ይቆጥባል»

እኔም እንዲህ ነበር የምለው። አንድ ቅዳሜ ግን ሁለት ሳፋ ላይ ሁለት ሁለት ሊትር ለብ ያለ ውሃ አደረግሁ። በአንዱ ከርካሹ፣ በሌላው ከውዱ አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ 5 ሚሊ ሊትር፣ ጨመርሁ። ከዚያ አረፋው እስኪጠፋ ድረስ በእኩል ቅቤ የተቀቡ ሳህኖች አጠብሁ።

ርካሹ ሊትሩ 80 ብር ነው፤ 200 ማንኪያ ይወጣዋል፣ አንዱ 40 ሳንቲም። 5 ሳህን አጠበ፣ ለሳህን 8 ሳንቲም። ውዱ 750 ሚሊ ሊትሩ 150 ብር ነው፤ 150 ማንኪያ፣ አንዱ 1 ብር። እሱ 20 ሳህን ዘለቀ፣ ለሳህን 5 ሳንቲም።

ግን አንድ ጉድ አለ። ውዱን እንደ ድሮው ስፖንጅ ላይ እየጨመቅህ ለዚያው 20 ሳህን ሁለት ማንኪያ ካፈሰስህ ሳህኑ 10 ሳንቲም ሆነ፤ ከርካሹ በለጠ። እኛ ቤት ለውጡ የመጣው ጠርሙሱ አጠገብ ማንኪያ ካስቀመጥን በኋላ ነው። ዋጋው በየሱቁ ይለያያል፤ የራስህን ቁጥር አስገባና አስላው።

«እጅ ካቃጠለ በደንብ ያጸዳል»

ብዙ ጊዜ የሚያቃጥለው ዕቃ የምናጥብበት የልብስ ዱቄት ሳሙና ነው። አልካላይነቱ ከፍ ያለ ስለሆነ ቆዳ ይጎዳል፤ ላርጎ ለገለልተኛ የቀረበ ነው። ሆኖም ጥሩ ላርጎም የሳህኑን ቅቤ ከእጅ ወዝ አይለይም። ስለዚህ መዳፍ ላይ ሳይሆን ሳፋ ውስጥ አቅጥነው። እናቴ «ለስላሳ» የሚል ጽሑፍ አይታ ገዝታ፣ ሳታቀጥን በጣም በሞቀ ውሃ እያጠበች ጣቶቿ መሀል ተሰነጠቀ። ያዳናት ጓንትና ለብ ያለ ውሃ ነው፤ ሳሙናው ያው ነበር።