ያልተነገረው ቃል፦ በአማርኛ የሁለት መስመር ግጥም ውስጥ ዝምታ የሚሠራው ሥራ

የአማርኛ ቃል ግጥም ብዙውን ጊዜ በሁለት መስመር ያልቃል። የወል ቤት በሚባለው በተለመደው ምጣኔ አንዱ መስመር 12 ቀለም፣ ማለትም 12 የድምፅ ክፍል፣ አለው፤ 6 ቀለም ሲሞላ ትንፋሽ ይወሰዳል፣ ከዚያ ሌላ 6 ይከተላል። እንግዲህ ለቅሶም ይሁን ፍቅር ወይም ፉከራ በ24 ቀለም ውስጥ መግባት አለበት። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ገጣሚው ምን እንደሚል ከመምረጡ በፊት ምን እንደሚተው መምረጥ ይኖርበታል። እዚህ የምናየው ይህን መተው ነው፦ ምን ምን ይተዋል፣ አድማጩ የተተወውን በምን ያገኘዋል፣ መቼስ ይበላሻል።

ለዚህ አሠራር የምንጠቀምበት «ሰምና ወርቅ» የሚለው ስም ከአንጥረኛ ቤት የመጣ ነው። አንጥረኛው መጀመሪያ የሚፈልገውን ቅርጽ በሰም ይሠራል። ሰሙን በጭቃ ይሸፍንና በእሳት ያሞቀዋል፤ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ጭቃው ውስጥ ባዶ ቦታ ይቀራል። የቀለጠው ወርቅ የሚፈስሰው ወደዚያ ባዶ ቦታ ነው። ብዙ ሰው ምሳሌውን ሲያነሣ «ላዩ ሰም፣ ውስጡ ወርቅ» ብሎ ያልፋል፤ ነገሩ ግን እንደ ልባስ አይደለም። ሰሙና ወርቁ በአንድ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ አይገኙም። ወርቁ የሚገባው ሰሙ ለቆት በሄደው ክፍተት ነው፤ ክፍተቱ ጠማማ ከሆነ ወርቁም ጠማማ ሆኖ ይወጣል። የግጥም ዝምታም እንዲህ ነው፦ የተለቀቀው ቦታ ቅርጽ ከሌለው አድማጩ የሚያፈስሰው ሐሳብ መያዣ ያጣል።

ትንሹ ዝምታ፦ «እንደ»ን መተው

በሰፊው የሚታወቅ የፍቅር ግጥም አለ፦

ዕፀ በለስ በልቶ አዳም ከንፈርሽ፣
መድኃኔ ዓለም ልቤ ተሰቀለልሽ።

እዚህ የተደበቀ ነገር ያለ ይመስላል እንጂ ሁሉም ፊት ለፊት ተቀምጧል። አዳም ሰም ነው፣ ከንፈርሽ ወርቅ፤ መድኃኔ ዓለም ሰም ነው፣ ልቤ ወርቅ። የጎደለችው አንዲት «እንደ» ብቻ ናት። «ከንፈርሽ እንደ አዳም ዕፀ በለስ ስለበላ፣ ልቤ እንደ መድኃኔ ዓለም ተሰቀለልሽ» ቢባል ተራ ንጽጽር ይሆን ነበር። «እንደ» ስትወጣ ግን ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን ይገጥማሉ፣ አንዱ ሌላውን ይሆናል፤ «ተሰቀለ» የሚለው ግሥም የመስቀሉንና የልብ መንጠልጠሉን በአንድ ጊዜ ይሸከማል።

በቅኔ ቤት «ሰምና ወርቅ» የሚባለው በዋናነት ይህ ዓይነቱ፣ ሁለቱም ወገን የሚነገርበት አካሄድ ነው። ወርቁ ጨርሶ የማይነገርበት «ውስጠ ወይራ» ይባላል፤ አንድ ቃል ሁለት ነገር ሲይዝ ደግሞ «ኅብር»። ከቅኔ ቤት ውጭ ሦስቱንም «ሰምና ወርቅ» ብሎ መጥራት የተለመደ ነው፤ ክፋት የለውም፣ ግን የዝምታውን መጠን መለየት ለሚፈልግ ሰው የቅኔ ቤቱ አከፋፈል ይበልጥ ይረዳል።

መካከለኛው ዝምታ፦ ሁለተኛውን ትርጉም መተው

ምን ያደርጋል ጠላ፣ ምን ያደርጋል ጠጅ፤
ጠላትን ሲሸኙ ቡና አድርጎ እንጂ።

አባባሉ ከቦታ ቦታ ትንሽ ትንሽ ይለያያል። ሰሙ የግብዣ ወሬ ነው፦ ጠላ፣ ጠጅ፣ ቡና፣ እንግዳ መሸኘት። ወርቁ «ቡን አድርጎ» ነው፤ አቡንኖ፣ እንደ አቧራ በትኖ። ግጥሙ ስለ ጦርነት አንድም ቃል አልተነፈሰም።

አድማጩ ታዲያ እንዴት ነቃ? ሁለት ምልክት ተሰጥቶታል። የመጀመሪያው ከሰሙ ጋር የማይሄደው «ጠላት» ነው፤ ጠላትን በቡና የሚሸኝ ቤት የለም። ሁለተኛው ረቀቅ ያለ ነው፦ በአማርኛ ቡና ይፈላል እንጂ አይደረግም። «ቡና አድርጎ» አፍ ላይ ትንሽ ይጎረብጣል። ጉርባጤዋ ስህተት አይደለችም፤ ሰሙ የተሰነጠቀባት ቦታ ናት። ማንኛውንም ኅብር ያለበት ግጥም ስንፈታ በመጀመሪያ የምንፈልገው እንዲህ ያለውን ስንጥቅ ነው፦ ከወሬው ጋር የማይስማማ ስም፣ የማይመጥን ግሥ፣ ያለ ቦታው የገባ ቃል።

ድምፁም በትክክል የተለካ ነው። የ«ቡና» «ና» ትጠብቃለች። ቀጥሎ «አድርጎ» ሲመጣ ሁለቱ አናባቢዎች ይዋዋጡና «ቡናድርጎ» ይሆናል። «ቡን አድርጎ»ም በፈጣን ንግግር እዚያው «ቡናድርጎ» ላይ ይደርሳል። ጆሮ ሁለቱን ሊለያቸው አይችልም፤ ስለዚህ ዘፋኙ አንዱን መምረጥ አያስፈልገውም።

ወረቀት ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጸሐፊው ወይ «ቡና አድርጎ» ወይ «ቡን አድርጎ» ብሎ መጻፍ አለበት። ሁለተኛውን ከጻፈ ወርቁን አውጥቶ አደባባይ አሰጣው፣ ግጥሙም ፉከራ ብቻ ሆኖ ቀረ። ደንቡ አጭር ነው፦ ቃል ግጥም ሲጻፍ ሁልጊዜ ሰሙ ይጻፋል። በቅንፍ «ማለትም» ብሎ መፍታት፣ ኅብሩን በደማቅ ፊደል ማተም ወይም በጥቅስ ምልክት ማጠር የአድማጩን ድርሻ መንጠቅ ነው፤ በታተሙ ስብስቦች ውስጥ ይህን ማየት ያሳዝናል። ፍቺ ካስፈለገ ከግጥሙ ርቆ ይቀመጥ።

ተቃራኒው ችግርም አለ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ገና» ላልቶ ሲነበብ «ጊዜው አልደረሰም» ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ የልደት በዓል ነው፤ ጽሑፉ አንድ ነው። በዚህ ላይ ኅብር የሚሠራ ገጣሚ ለዓይን የተሳካለት ይመስለዋል፤ መድረክ ላይ ወጥቶ ሲያነብ ግን አንደበቱ አንዱን ይመርጥና ሌላው ይሞታል። ስለዚህ አንድ ኅብር ከመጽደቁ በፊት ጮክ ተብሎ ቢነገር ጥሩ ነው። ለጆሮ የሚሠራ ኅብርና ለዓይን ብቻ የሚሠራ ኅብር የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ትልቁ ዝምታ፦ ስሙንም ነገሩንም መተው

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት፣ የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲሰብር ዐፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ላለመስጠት በሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ። ከዚያ ቀን ለቅሶ እስካሁን በቃል የሚኖረው ይህ ነው፦

መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፣
የሴቱን አናውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ።

እዚህ ኅብረ ቃል የለም። ድርብ ትርጉም ፍለጋ እያንዳንዱን ቃል የሚበጥስ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። የጎደለው ሌላ ነው፦ የሟቹ ስም የለም፣ ንጉሥነቱ የለም፣ ገዳዩ የለም፣ አሟሟቱ የለም፣ ጠላቱም አልተጠራም። ከነገሩ ሁሉ የቀረው ቦታ፣ ድምፅና ቁጥር ነው።

የተተወው ቢሞላ ምን እንደሚሆን ለማየት ሁለተኛውን መስመር እንቀይረው፦

መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፣
ቴዎድሮስ በሽጉጥ ራሱን ገድሎ ሞተ።

ቀለሙ 12 ነው፣ ቤቱም ገጥሟል። የተነገረውም ሁሉ እውነት ነው። ግን ለቅሶው ጠፍቶ ወሬ ብቻ ቀርቷል። ምን ሄደ? መጀመሪያ የሄደው «አንድ» ነው። ዋናው መስመር የሞተውን ሰው ሲቆጥር ያልሞቱትንም ይቆጥራል። «ወንድ አንድ ሰው ሞተ» ሲል «ወንድ» ጾታም ጀግናም ነው፤ በዚያ አፋፍ ላይ ወንድ ሆኖ የሞተ አንድ ብቻ ከሆነ፣ የከዱት፣ የሸሹትና መሣሪያ የጣሉት በየትኛው ወገን እንደተቆጠሩ አልቃሿ ሳትናገር ተናግራለች። «የሴቱን አናውቅም» የሚለው አለማወቅም የማያውቅ ሰው ቃል አይደለም፤ ለመቁጠር አለመፈለግ ነው። ዛሬ የምናነበው ሰዎች ሴትነትን ለንቀት መለኪያ ማድረጉ ሊቆረቁረን ይገባል፤ የዘመኑ የክብር ሚዛን እንደዚያ መሆኑን ሳያውቁ ግን ስድቡ አይሰማም።

ሁለተኛው የሄደው በአሟሟቱ ላይ የነበረው ዝምታ ነው። ራስን መግደል በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከባድ ኃጢአት ነው። አልቃሿ ይህን ካነሣች ሟቹን ማመስገን አትችልም፣ ካስተባበለች ትዋሻለች። «ሞተ» ብላ አለፈች። ስለዚያው ቀን የተገጠመ ሌላ ለቅሶም በሌላ መንገድ እዚያው ይደርሳል፦

ገደልን እንዳይሉ ሞተው አገኟቸው፣
ማረክን እንዳይሉ ሰው የለ በጃቸው።

«ሞተው አገኟቸው» ውስጥ ገዳይ የለም። እንግሊዞቹ የአድራጊነት ቦታ ይዘው ሳለ የሚያደርጉት ግሥ ተነፍገዋል፤ የተረፈላቸው ማግኘት ብቻ ነው።

ይህ ትልቁ ዝምታ የሚቆመው አድማጩ ነገሩን አስቀድሞ ሲያውቅ ነው። በ1860 ዓ.ም. ስም መጥራት አያስፈልግም ነበር። ዛሬም የሚያድነው በመጀመሪያው መስመር የቀረው «መቅደላ» ነው። ያ የቦታ ስም ቢወጣና «ተራራው አፋፍ ላይ» ቢባል ግጥሙ በአንድ ትውልድ ውስጥ የማንም ሟች ለቅሶ ይሆን ነበር። ገጣሚው ሁሉንም ሊተው ይችላል፤ አንድ መንጠልጠያ ግን መተው የለበትም።

የሌለውን ዝምታ መስማት

የአንባቢው ጥፋት በብዛት ከዚህ ይመጣል፦ ወርቅ መኖሩን ስለተነገረው በየመስመሩ ይቆፍራል። የሚጠረጥረውን ፍቺ የሚያጣራበት መንገድ ግን ቀላል ነው። ሁለተኛውን ትርጉም በቃሉ ቦታ አስገብቶ መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማንበብ ነው። ግሡ ከባለቤቱ ጋር በጾታና በቁጥር መስማማቱን መቀጠል አለበት፣ የቀሩት ቃላትም ሥራ ፈት ሳይሆኑ አዲሱን ትርጉም መሸከም አለባቸው። «ጠላትን ሲሸኙ ቡን አድርጎ እንጂ» ይህን ያልፋል፤ «ሸኘ» እንኳ ማባረር ይሆናል። ሁለተኛው ፍቺ አንዲት ቃል ላይ ብቻ ቆሞ ሌላው መስመር ከተበተነ፣ ያገኘው ወርቅ የራሱ ነው።

የገጣሚው ጥፋት ደግሞ ስንጥቅ የሌለው ሰም መሥራት ነው። ሰሙ በጣም ካማረና ምንም ካልጎረበጠ አድማጩ አጨብጭቦ ይሄዳል፤ ወርቁ ከገጣሚው ጋር ይቀራል። መድኃኒቱ ፍቺ መጨመር አይደለም። ወደ ሁለተኛው መስመር ተመልሶ አንዲት ቃል ብቻ፣ እንደዚያች «ጠላት»፣ ከሰሙ ጋር እንዳትስማማ ማድረግ ነው።